የስብሰባ ቀረጻ ቀለም አይነግርዎትም፦ ስለ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሪፖርት

ጥያቄ፦ «የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ። በየሳምንቱ ረቡዕ የአንድ ሰዓት የኦንላይን ስብሰባ አለን፣ ይቀረጻል። ከቀረጻው ላይ ለበላይ አመራሩ ባለ ሦስት ቀለም የሂደት ሪፖርት አዘጋጃለሁ። የማደርገው የቡድን መሪዎቹ ራሳቸው የተናገሩትን ቀለም መጻፍ ነው። ለወር ያህል ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀይ ሆነና አለቃዬ ‹እስከ ትናንት ሰላም አልነበረም እንዴ?› አለኝ። ቀረጻውን በደንብ ስላልሰማሁ ነው? መሠራት ያለበት እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ ቀረጻውን በደንብ ሰምተዋል። የተሳሳተው ከቀረጻው የጠበቁት ነገር ነው። ቀረጻ ማን ምን እንዳለ ይነግርዎታል። ሥራው የት እንደደረሰ ግን አይነግርዎትም። ቀለም የሚወጣው የተባለውን ነገር ወስደው ከተፈቀደው ዕቅድ ጋር ሲያስተያዩት ነው። ስለዚህ ቀለሙን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። የቡድን መሪዎቹ የሚሰጡዎት መረጃና ቀን ብቻ ነው።

አንድ የቡድን መሪ ስብሰባ ላይ «አረንጓዴ ነን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚለው ሌላ ነገር ነው። «ቡድኔ ጠንክሮ እየሠራ ነው» ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ችግር አለ፣ ግን እኔው እፈታዋለሁ» ማለቱም ይሆናል። ወይም ደግሞ በሰው ፊት ቀይ መባል አይፈልግም። ማንም አልዋሸም። ነገር ግን አንዳቸውም «በዚህ አያያዝ መቼ ያልቃል?» የሚለውን አይመልሱም። በዚህ ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሪፖርት «ሐብሐብ» ይሉታል፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ቀይ። አንድ ወር ሙሉ አረንጓዴ ቆይቶ በድንገት ቀይ መሆንም ዋናው ምልክቱ ነው። ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚዘገየው። በመሃል ቢጫ ካልታየ መዘግየቱ ነበረ፣ የጻፈው ሰው ግን አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ ከቀረጻው በፊት ደንቡ መኖር አለበት። እያንዳንዱ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ተጽፎ፣ አመራሩም የቡድን መሪዎቹም አስቀድመው የተስማሙበት። ቁጥሩ እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል። የሁለት ዓመት ግንባታና የአራት ወር የሶፍትዌር ሥራ አንድ መለኪያ አይኖራቸውም። ለአጭር ፕሮጀክት እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው። አረንጓዴ ማለት የሚጠበቀው የማብቂያ ቀን ከዕቅዱ አያልፍም ማለት ነው። ቢጫ ማለት እስከ 5 የሥራ ቀን ያልፋል፣ ግን ማካካሻ ዕቅድ አለ፤ ማካካሻው ስም ያለው ኃላፊና ቀን አለው፣ በቡድኑም አቅም የሚሠራ ነው። ቀይ ማለት ከ5 ቀን በላይ ያልፋል፣ ወይም ቡድኑ በራሱ ሊያደርገው የሚችል ማካካሻ የለም ማለት ነው። ለበጀትም ተመሳሳይ ገደብ ይቀመጣል፤ እዚህ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ጊዜን ልከተል።

ልብ ይበሉ፣ ቢጫ «ትንሽ ቀይ» አይደለም። በቢጫና በቀይ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት መፍትሔው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ቢጫ «እኛ ይዘነዋል፣ እወቁት» ይላል። ቀይ «ያለ እናንተ አይፈታም» ይላል። አመራሩ ሪፖርቱን የሚያነበውም ይህንኑ ለማወቅ ነው።

አሁን ወደ ማዳመጡ። ቀረጻውን ከመክፈትዎ በፊት የፕሮጀክቱን ዕቅድ ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ በዕቅዱ የሚያልቅበት ቀን፣ ከእሱ በኋላ የሚጀምረው ሥራ፣ እና ባለፈው ሪፖርት ላይ የተሰጠው ቀለም። ይህን ሳይዙ ማዳመጥ ዝም ብሎ ወሬ መስማት ነው። ይዘው ሲያዳምጡ ግን ጆሮዎ የሚፈልገውን ያውቃል።

ከዚያ ሲያዳምጡ ሁሉንም መገልበጥ አያስፈልግም። ስለ ቀን፣ ስለ መጠን፣ ከሌላ ሰው ስለሚጠበቅ ነገር ወይም ስለ ውሳኔ የተባለውን ብቻ ይያዙ። ደቂቃውን፣ ተናጋሪውንና የተናገረውን ቃል በቃል ይጻፉ። ጎኑ ላይ ደግሞ የአነጋገሩን ዓይነት በአንድ ቃል ያስቀምጡ፦ ያለቀ፣ ግምት፣ ምኞት፣ ወይም በሌላ ሰው ላይ የተንጠለጠለ። «ሰኞ ፈርመን አስረክበናል» ያለቀ ነው። «ስምንት ቀን ይፈጃል» ግምት ነው። «በዚህ ሳምንት እንጨርሳለን ብለን እናስባለን» ምኞት ነው። «ፋይሉን እየጠበቅን ነው» የተንጠለጠለ ነው። ቀለም የሚሠራው ባለቀና በግምት ነው። ምኞትና የተንጠለጠለ ነገር ሲያጋጥም ስልክ ማንሳት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው መረጃ ሰውየው የራሱን ክፍል ሪፖርት በሚያቀርብበት ሰዓት ላይ እምብዛም አይገኝም። በሌላ ሰው ተራ መሃል ወይም «ሌላ ጉዳይ ካለ» በሚባልበት መጨረሻ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ቀረጻውን አፍጥነው ቢያዳምጡ ችግር የለውም፤ ቆርጠው ግን አይዝለሉ።

በምሳሌ እንየው። አንድ ድርጅት አሮጌውን የደንበኞች መመዝገቢያ ሲስተም ትቶ ወደ አዲስ እየተሸጋገረ ነው እንበል። ስብሰባው የተደረገው በ9ኛው ሳምንት ረቡዕ ነው። ዕቅዱ እንዲህ ይላል፦ ዳታ ማዛወር በ9ኛው ሳምንት ዓርብ ያልቃል። ሙከራ 10ኛውን፣ 11ኛውንና 12ኛውን ሳምንት ይወስዳል፣ 15 የሥራ ቀን ማለት ነው። 13ኛው ሳምንት ስልጠና ነው። 14ኛው ሳምንት ባዶ ነው፤ ለመጠባበቂያ የተተወ 5 የሥራ ቀን። አዲሱ ሲስተም ሥራ የሚጀምረው በ15ኛው ሳምንት ሰኞ ነው።

ከቀረጻው አራት ነገር ተገኘ። በ6ኛው ደቂቃ የዳታ ቡድን መሪው «አልቋል ማለት ይቻላል፣ ዘጠና በመቶ ደርሰናል፣ አረንጓዴ በሉን» ይላል። በ18ኛው ደቂቃ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ እየተወራ፣ ራሱ እንዲህ ይላል፦ «የአቅራቢውን ፋይል እየጠበቅን ነው፤ እስከ ዓርብ እንልካለን ብለዋል፣ እንግዲህ እናያለን።» በ31ኛው ደቂቃ የሙከራ ቡድን መሪዋ «እኛ ዳታው እንደመጣ እንጀምራለን፣ ካስፈለገ ሁለት ሳምንት ይበቃናል» ትላለች። በ47ኛው ደቂቃ አሠልጣኙ «እኛ ጋ ምንም ችግር የለም» ይላል።

እርስዎ እስካሁን በሚሠሩበት መንገድ ይህ ስብሰባ ሦስት አረንጓዴ ይሰጣል። አሁን መስመር በመስመር እንፈትሸው።

«ዘጠና በመቶ» የሚለውን እንዳለ አይጻፉ። የምን ዘጠና በመቶ? ለዳታ ቡድን መሪው ተደውሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት በመቶ ደረሳችሁ?» አይደለም። «የሚዛወሩት ሠንጠረዦች ስንት ናቸው? ስንቱ ተጭኖ ከአሮጌው ጋር ተመሳክሯል?» ነው። መልሱ ከ12 ውስጥ 9 ሆነ። ያ 75 በመቶ ነው። የቀሩት 3 ደግሞ የደንበኞች ሒሳብ ያለባቸው፣ ከሁሉም የከበዱት ናቸው። እነሱም የአቅራቢውን ፋይል ይጠብቃሉ። ቀጣዩ ጥያቄ፦ «ፋይሉ ዓርብ ቢደርስ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ይፈጃል?» መልስ፦ ማጽዳት፣ መጫንና ማመሳከር፣ 8 የሥራ ቀን። እንዲህ ያለውን መልስ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ስልክ ይሰጥዎታል። ቀረጻውን ሦስት ጊዜ ቢሰሙ ግን አያገኙትም፤ ስብሰባው ላይ ማንም አልጠየቀማ።

እንቁጠር። ፋይሉ ዓርብ ከደረሰ ሥራው በ10ኛው ሳምንት ሰኞ ይጀምርና በ11ኛው ሳምንት ረቡዕ ያልቃል። ከዕቅዱ 8 የሥራ ቀን ዘገየ። ሙከራው ሐሙስ ይጀምርና 15 ቀኑን ይዞ በ14ኛው ሳምንት ረቡዕ ያልቃል። ስልጠናው ከዚያ ቀጥሎ አምስት ቀን ወስዶ በ15ኛው ሳምንት ረቡዕ ያበቃል። ስለዚህ ሲስተሙ ሥራ የሚጀምረው በ15ኛው ሳምንት ሐሙስ ነው። ከ8ቱ ቀን አምስቱን መጠባበቂያው ሳምንት ዋጠው። ሦስቱ ቀን ግን በዋናው ቀን ላይ አረፈ።

የሙከራ ቡድን መሪዋ «ሁለት ሳምንት ይበቃናል» ያለችውስ? ይህችን ዓረፍተ ነገር አምነው ቢያስገቡ አምስት ቀን ይቆረጥና ዋናው ቀን ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት የተያዘለት ሥራ በድንገት በሁለት ሳምንት የሚያልቀው አንድ ነገር ሲቀር ነው። ምን እንደሚቀር ይጠይቋት። በዚህ ምሳሌ መልሷ «ሁለተኛውን ዙር ድጋሚ ሙከራ እንተወዋለን» የሚል ነበር። ያ ማካካሻ አይደለም። በአመራሩ ዘንድ ያልተወሰነ የጥራት ቅነሳ ነው። ማንም እስካልፈቀደው ድረስ ሪፖርቱ ላይ 15 ቀን ሆኖ ይቀራል። በዚያው ስልክ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ተገኘ። ተመሳክረው ያለቁትን 9 ሠንጠረዦች ከ10ኛው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ መሞከር ይቻላል፤ ይህም የ4 ቀን ሥራ ቀድሞ እንዲያልቅ ያደርጋል። ይህኛው እውነተኛ ማካካሻ ነው፦ ኃላፊ አለው፣ ቀን አለው፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ቢሆንም 4ቱን ቀን ከአሁኑ ከትንበያው ላይ አይቀንሱ። ያልተጀመረ ማካካሻ ተስፋ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሙከራው መጀመሩን ካረጋገጡ በኋላ ይቀንሱታል።

እንግዲህ ቀለሙ። ዳታ ማዛወር ቀይ ነው። 8 ቀን ያልፋል፤ የአቅራቢውን ፋይል ማፋጠንም በቡድኑ እጅ አይደለም። ሙከራና ስልጠናስ? የየራሳቸው ሥራ አልተበላሸም፤ የሚዘገዩት ከፊታቸው ባለው ሥራ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። አንዳንዱ የመጣባቸውን መዘግየት ቆጥሮ ሁሉንም ቀይ ያደርጋል። እኔ አላደርገውም። ሁሉም ቀይ ከሆነ አንባቢው የችግሩን ምንጭ ማየት ያቅተዋል። ሁለቱን ቢጫ አድርጌ «መነሻው ዳታ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ ደንቡ ውስጥ ይጻፍ፤ በየሳምንቱ አይቀያየር።

ጠቅላላው ቀለም ደግሞ አማካይ አይደለም። አንድ ቀይና ሁለት አረንጓዴ ተደምሮ ቢጫ አይወጣም። ጠቅላላውን የሚወስነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ዋናው ቀን ምን ሆነ? እዚህ 3 ቀን አለፈ፣ ማካካሻም አለ። ስለዚህ ቢጫ። ሌላ ጊዜ አራት ክፍሎች ቀይ ሆነው ዋናው ቀን ላይነካ ይችላል። በተቃራኒው አንዱ ብቻ ዘግይቶ ፕሮጀክቱን ሙሉ ሊያቆመው ይችላል።

አሁን አጻጻፉ። ስብሰባው በሄደበት ቅደም ተከተል አይጻፉ። ያ ቃለ ጉባኤ ነው። ጠቅላላው ቀለም ከላይ፣ ከዚያ ቀዩ፣ ከዚያ ቢጫው። አረንጓዴዎቹን በአንድ መስመር ይለፏቸው። ከላይ ያለው ምሳሌ ሲጻፍ ጠቅላላውና ቀዩ ይህን ይመስላሉ፦

> ጠቅላላ፦ ቢጫ (ባለፈው ሳምንት አረንጓዴ)። ሥራ የሚጀመርበት ቀን ከ15ኛው ሳምንት ሰኞ ወደ ሐሙስ ይገፋል፤ 3 የሥራ ቀን። መጠባበቂያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ አልቋል። ማካካሻ፦ የተጠናቀቁት 9 ሠንጠረዦች ሙከራ ከ10ኛው ሳምንት ሰኞ ይጀምራል፤ ኃላፊ፣ የሙከራ ቡድን መሪ። ከተሳካ እስከ 4 ቀን ያስመልሳል።
>
> ዳታ ማዛወር፦ ቀይ (ባለፈው ሳምንት አረንጓዴ)። ከ12 ሠንጠረዦች 9ኙ ተጭነው ተመሳክረዋል። ቀሪዎቹ 3 የአቅራቢውን ፋይል ይጠብቃሉ። ፋይሉ ዓርብ ከደረሰ የማብቂያው ቀን የ11ኛው ሳምንት ረቡዕ ነው፤ 8 የሥራ ቀን ዘግይቷል። ፋይሉ ሌላ አንድ ሳምንት ከቆየ፣ ማካካሻው ካልያዘ በቀር ጠቅላላው መዘግየት 8 ቀን ደርሶ ፕሮጀክቱ ቀይ ይሆናል። የሚፈለግ ውሳኔ፦ የፕሮጀክቱ የበላይ ኃላፊ ከዓርብ በፊት ከአቅራቢው ኃላፊ ጋር እንዲነጋገሩ።

«እንግዲህ እናያለን» የሚለው የለም። «ቡድኑ ከፍተኛ ጥረት እያደረገ ነው» የሚለውም የለም። ቀለሙም በቃል ተጽፏል። ሪፖርቱ በጥቁርና ነጭ ሊታተም ይችላል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም አሉ። ያለፈው ሳምንት ቀለም በቅንፍ መግባቱ ደግሞ አለቃዎ የጠየቁትን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳል። ለውጥ ካለ አንባቢው ያየዋል፤ እርስዎም ምክንያቱን ለመጻፍ ይገደዳሉ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። የመጀመሪያው ስለ ቁጥርና ስለ አሉታ ነው። በኦንላይን ስብሰባ ድምፅ ሲቆራረጥ የቃል መጀመሪያ ይዋጣል። «አልደረሰም» ሲባል ጆሮ የሚይዘው «ደረሰ»ን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በሶፍትዌር የተገለበጠ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይሳሳታል። ስለዚህ ቀለም የሚቀይር ማንኛውም ቁጥር ወይም አሉታ ካለ የተገለበጠውን ብቻ አይመኑ፤ ያቺን ደቂቃ ተመልሰው በጆሮዎ ይስሙ። «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚለውንም ሁልጊዜ ወደ ትክክለኛ ቀን ይለውጡ። ሪፖርቱ ሰኞ ሲነበብ «የሚቀጥለው ሳምንት» ሌላ ሳምንት ሆኗል።

ሁለተኛው ስለ ቀረጻው ራሱ ነው። ሰዎቹ መቀረጻቸውን ማወቅ አለባቸው። ቀረጻው ደግሞ የእርስዎ ማስታወሻ እንጂ ማስረጃ ማቅረቢያ አይደለም። «በ18ኛው ደቂቃ እገሌ እንዲህ ብሏል» የሚል ነገር ወደ አመራሩ ከሄደ፣ ከዚያ ስብሰባ በኋላ ማንም አፉን አይከፍትም። ደቂቃዎቹ በእርስዎ ማስታወሻ ላይ ይቅሩ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የቡድን መሪው በቀለሙ ሲከፋ ነው። ረቂቁን ከመላክዎ በፊት የየራሱን አንቀጽ ብቻ ይላኩለትና «የተሳሳተ ቀን ወይም ቁጥር ካለ እስከ ነገ 6 ሰዓት አርሙልኝ» ይበሉ። ቀለሙን እንዲያርም አይጠይቁት። ቀኑ ከተቀየረ ቀለሙ በደንቡ መሠረት በራሱ ይቀየራል፤ ካልተቀየረ አይቀየርም። «ቢጫ አድርገው፣ በኔ ይሁንብህ» ሲልዎት መልሱ አጭር ነው፦ «ማካካሻውን፣ ኃላፊውንና ቀኑን ስጠኝ፣ ቢጫ ይሆናል።» በፍጥነት ከሰጠ ጥሩ፣ ሪፖርቱ ተሻሻለ። ካልሰጠ ቀዩ ትክክል ነበር።

ይህ አሠራር የማይሸፍነው ነገርም አለ። የቡድን መሪው ራሱ ያላወቀውን መዘግየት ቀረጻም ስልክም አያወጣውም። 9ኙ ሠንጠረዦች «ተመሳክረዋል» የተባለው በቃል ከሆነ፣ የማመሳከሪያውን ውጤት በዓይንዎ ማየት አለብዎት። ሁሉንም በየሳምንቱ ማየት አይቻልም። ነገር ግን ዋናው ቀን ላይ በቀጥታ የሚያርፈውን አንድ ሥራ መርጠው ማየት ይቻላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ከሚቀጥለው ረቡዕ ጀምሮ በስብሰባው ላይ ማንም ሰው ቀለም እንዳይናገር ያድርጉ። ሰብሳቢው በቀለም ፈንታ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «አሁን ባለው አያያዝ የሚያልቀው በየትኛው ቀን ነው?» እና «እሱን ቀን ለመጠበቅ ከሌላ ሰው የምትጠብቁት ምን አለ?» መልሶቹ ቀረጻው ላይ ይኖራሉ፣ ስልክ የሚያስፈልገው ጉዳይም ይቀንሳል። የቀለም ደንቡን ደግሞ ከዚያ ስብሰባ በፊት ከአለቃዎ ጋር ተቀምጠው በግማሽ ገጽ ይጻፉትና ያስፈርሙ። የመጀመሪያው አዲስ ሪፖርት ከለመዱት በላይ ቢጫና ቀይ ይበዛበታል፤ ሲልኩት ከላይ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቀለሙ የሚሰጠው በአዲሱ ደንብ ነው» የሚል አንድ መስመር ያክሉበት።